ጨርቁ ይለጠጣል ወይስ አይለጠጥም? የጂንስ ቁጥር ከመምረጥዎ በፊት

ሁለት ጂንሶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ሁለቱም ላይ 30 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አንዱ ያለ ችግር ይገባል፣ ሌላው ግን ጭን ላይ ሲደርስ አልወጣም ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወፍሬያለሁ ብሎ ያስባል። ልዩነቱ ግን ያለው ጨርቁ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሱሪ የውስጥ ምልክት ላይ ብዙ ጊዜ 98 በመቶ ጥጥ፣ 2 በመቶ ኢላስቴን የሚል ይነበባል። ኢላስቴን ስፓንዴክስ ወይም ላይክራ እየተባለም የሚጠራ፣ በ1958 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተፈለሰፈ ላስቲክ መሰል ክር ነው። በጂንስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥጥ ተጠቅልሎ የሚገባው በማጉ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ወደ ጎን ይለጠጣል እንጂ ቁመቱ አይጨምርም። ለቁመትዎ ያጠረ ሱሪ ስትሬች ስለሆነ ብቻ አይረዝምም። ሁለተኛው ሱሪ መቶ በመቶ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ቦታ የሚያገኙት ሰፊው ከተሰፋ ብቻ ነው።

የቁጥር ምርጫ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሰውነት ሰፋ ማለት አለበት፤ የሚለጠጥ ግን ከሰውነት ጠብቦ ሊሰፋና በደንብ ሊለበስ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወገቧ 76 ሴንቲ ሜትር፣ ዳሌዋ 102 የሆነ ሴት ስትቀመጥ ዳሌዋ ወደ 105 ይሰፋል እንበል። የማይለጠጥ ጂንስ የምትመርጠው በዚህ በተቀመጠችበት ልክ ነው፤ ሱሪው ዳሌው ላይ ከ105 እስከ 107 ሊሆን ይገባል። እንዲህ ያለው ሱሪ ወገቡ ምናልባት 82 ይሆንና ይሰፋታል። ወገብን ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያጠብበዋል፤ ዳሌ ላይ የጎደለ ጨርቅ ግን ከየትም አይመጣም። ስለዚህ የማይለጠጥ ልብስ የሚመረጠው በሰፊው የሰውነት ክፍል ነው።

የሚለጠጠውን ለመምረጥ መጀመሪያ ጨርቁን ትፈትነው። ጭኑ አካባቢ በጎን በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ለክታ ሳታስጨንቅ ትሳበው። 12 ከደረሰ 20 በመቶ ይለጠጣል ማለት ነው። ስትለቀው ወደ 10 መመለስ አለበት፤ 10 ተኩል ላይ ከቀረ ሱሪው ከሰዓት በኋላ ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ይንዘላዘላል። ፈተናውን ካለፈ ዳሌው 96 የሆነ ሱሪ ይበቃታል፤ ስትቀመጥ እንኳ የሚለጠጠው ወደ 9 በመቶ፣ ማለትም ከአቅሙ ግማሽ በታች ነው። እዚህ የሚያስፈልጋት ወገቡ አጥብቆ እንዲይዛት ነው፤ ዳሌውን ጨርቁ ራሱ ይችለዋል።

«ስትሬች ከሆነ አንድ ቁጥር ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ አምራቾች የሚለጠጠውን ሱሪ ሲቆርጡ አስቀድመው አጥብበውታል። እርስዎ ደግመው ከቀነሱ ጨርቁ ከአቅሙ በላይ ይሳባል፤ ስፌቱ ዳር ነጫጭ ክሮች ይታያሉ፣ ላስቲኩም ቶሎ ይበጠሳል። የማይለጠጠው ከጠበበ ደግሞ ከዚፑ ግርጌ ወደ ጭን የሚሄዱ አግዳሚ መስመሮች ይወጣሉ። ጥጡ ሲለበስ ወገቡ ላይ ትንሽ ይላላል፤ ሲታጠብ ግን መልሶ ይጠብባል፤ ስለዚህ በመላላቱ ተማምነው የጠበበ አይግዙ።

ሳልባጅ ሲገዙ ቁጥሩን ማመን አይቻልም፤ አንዱ አገር 30 ያለው በሌላው ሌላ ነው። ሱሪውን አስተኝተው ዳሌውን ከጎን እስከ ጎን ይለኩና በሁለት ያባዙት። 53 ሴንቲ ሜትር 106 ይሆናል፣ 48 ደግሞ 96። በእጅዎ ይህ ልክ ካለ ምልክቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያስፈልግዎትም።

ይኸው ሕግ በሽሮ ሜዳ ለሚታዘዝ የሐበሻ ቀሚስም ይሠራል። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ እንደ ስትሬች አይለጠጥም። በውጭ አገር የሚኖር ሰው ልኩን ከሚለጠጥ ሹራብ ላይ ወስዶ ከላከ ቀሚሱ ደረት ላይ ይይዘዋል። ሜትሩ በሰውነት ላይ ይዞር፤ ለመተንፈስና እጅ ለማንሳት የሚጨመረውን ልብስ ሰፊው ይጨምረው።

እንግዲህ ቁጥሩን ከመጠየቅዎ በፊት የውስጡን ምልክት ያንብቡ፣ ጨርቁን ይሳቡ። የማይለጠጠውን በሰፊው አካልዎ፣ የሚለጠጠውን በወገብዎ ይምረጡ።