«እንደተለመደው ዘግይተሃል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሳውን ኩርፊያ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ብዙውን ጊዜ መነሻው ሥራው ሳይሆን ስለ ሥራው የተጻፈች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። ባልደረባችን ቀን አሳልፏል፤ እውነት ነው። እኛም ተናደን ጻፍን። ከዚያ በኋላ ግን የሚወራው ስለ ቀኑ መሆኑ ቀርቶ ስለ አጻጻፋችን ይሆናል። ጥፋተኛው ተበዳይ ሆኖ ቁጭ!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የማውቃት ወጣት ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ ትሠራለች። የሠራተኛውን የትርፍ ሰዓት ቅጽ የሚያመጡላት ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው የፈረቃ ኃላፊ ናቸው። ቅጹ ወር በገባ በ20 መድረስ አለበት። ለምን በ20? የትርፍ ሰዓት ሒሳብ አንድ ዓይነት አይደለማ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራው በአንድ ተኩል ሲባዛ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ይባዛል። በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ ደግሞ በ2.5 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከነሰዓቱ ማየት ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ለባንክ የሚላከው በ25 ስለሆነ፣ ከዚያ ያለፈ ቅጽ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

ቅጹ በጥቅምት በ23 መጣ። በኅዳር ደግሞ በ27! የአርባ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወደ ታኅሣሥ ተላለፈ። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሠራተኛ ሁሉ እሷ መስኮት ላይ መጥቶ ጮኸባት። ታኅሣሥ 20 ከሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ ጠብቃ ቅጹ ሲቀር፣ ማታ ይህን ጽፋ አሳየችኝ፦

«እንደተለመደው የትርፍ ሰዓት ቅጹን አላመጣህም። ሁልጊዜ በአንተ ቸልተኝነት የሰው ገንዘብ ይዘገያል። ስንት ጊዜ ልንገርህ? ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ግልባጭ፦ ለሥራ አስኪያጅ።»

እውነቷን ነው፤ ተቃጥላለች። ግን እስቲ ሰውየው ሆነን እናንብበው።

ከሁሉ በፊት የሚወጋው «ቸልተኝነት» የሚለው አይደለም፤ «አላመጣህም» የሚለው ነው። ይህቺ ልጅ በአፏ «ጋሼ» እያለች በአንቱታ የምታናግራቸውን ሰው በወረቀት «አንተ» ብላቸዋለች። ሌላውን ሁሉ ብታስተካክለው እንኳ ይህ ብቻውን ጠብ ያስነሳል። በአፍ አንቱ የተባለ በጽሑፍም አንቱ ነው። በአፍ አንተ የምንለውን እኩያችንን ደግሞ በንዴት «እርስዎ» ስንለው ሽሙጥ ይሆናል። የለመዳችሁትን አትለውጡ።

ቀጥሎ «እንደተለመደው» እና «ሁልጊዜ» አሉ። እነዚህ ቃላት ለተከሳሹ በር ይከፍታሉ። የመስከረሙ ቅጽ በቀኑ ደርሷል። ሰውየው «ሁልጊዜ? የመስከረሙንስ?» ካሉ ክርክሩን አሸነፉ ማለት ነው፤ የኅዳሩ ተረሳ። በቃላቱ ቦታ ቀኖቹን አስቀምጡ። «ጥቅምት 23፣ ኅዳር 27» የሚል ጽሑፍ አይሳደብም፤ ማንም ግን አይክደውም።

«ቸልተኝነት» ደግሞ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መፍረድ ነው። እሷ ያየችው ወረቀቱ አለመምጣቱን እንጂ ለምን እንዳልመጣ አይደለም። ስለዚህ «አላመጡም» በሚለው ምትክ «አልደረሰኝም» አልን። አያችሁ? ዓረፍተ ነገሩ ከሰውየው ወርዶ ወረቀቱ ላይ ዐረፈ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ?» የሚለውም መልስ የሌለው ጥያቄ ስለሆነ መልስ ባለው ለወጥነው፦ «ቅጹን ምን አዘገየው?» «ለምን ዘገዩ?» ሰውየውን ይመረምራል፤ «ምን አዘገየው?» ግን ችግሩን ይፈልጋል።

«የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ዝም ብለን ሰረዝነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው አለቃ ነው፤ እሷ ደግሞ አለቃቸው አይደለችም። ግልባጩም ወጣ። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ግልባጭ ማለት ክስ ነው። ለሰውየው በቅጡ ሳይጻፍላቸው ለአለቃ ከደረሰ «ልታስበላኝ ነው» ነው የሚሉት፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ልጅቷ ይህን ሰምታ ሁለተኛ ጻፈች። አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች! «ካላስቸገርኩዎት፣ ሲመችዎት፣ ቅጹን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል» ይላል። ይህ ማለስለስ ሳይሆን ማጥፋት ነው። «ሲመችዎት» ከተባለ 27ም ሊመች ይችላላ! መለስለስ ያለበት ክሱ እንጂ ቀኑ አይደለም። ጽሑፋችሁ መጠን ማለፉን ለማወቅ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡትና «ምን፣ ከማን፣ መቼ ነው የተፈለገው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስቱን ካልመለሰ ከመጠን በላይ ለስልሷል።

በሦስተኛው ይህ ወጣ፤ ታኅሣሥ 21 ጠዋት በእጃቸው ሰጠቻቸው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የታኅሣሥ ወር የትርፍ ሰዓት ቅጽ እስከ ትናንት የሥራ መውጫ ሰዓት አልደረሰኝም። የጥቅምቱ በ23፣ የኅዳሩ በ27 ነው የደረሰኝ። በኅዳር የ40 ሠራተኞች ክፍያ በዚህ ምክንያት ወደ ታኅሣሥ ተላልፏል። የዘንድሮ ገና ከመድረሱ በፊት ገንዘባቸው እንዲደርስ፣ ቅጹን የሚፈርሙት እርስዎ ስለሆኑ፣ ነገ ታኅሣሥ 22 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ቅጹን ምን እያዘገየው እንደሆነ ቢነግሩኝ በእኔ በኩል የምችለውን አስተካክላለሁ።»

ልብ በሉ፤ «የሚፈርሙት እርስዎ ስለሆኑ» የምትለዋን ሐረግ ሆን ብለን ነው የተውናት። ሁሉን ነገር ወረቀቱ ላይ ብቻ ካሳረፍነው ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጠፋል። ስድብ አይኑር፤ ባለቤት ግን ይኑር።

ሰውየው አልተቆጡም። ለካ ቅጹ የሁለት ፈረቃ ነው። የቀኑ ፈረቃ በ18 ያልቃል፤ የሌሊቱን የሚመዘግበው ልጅ ግን በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚያስረክበው። እሳቸው ሁለቱን አንድ ላይ ለመፈረም ይጠብቃሉ። ይህን እሷ ከየት ታውቃለች? «በቸልተኝነት» ብላ ብትልከው ኖሮ መቼም አይነግሯትም ነበር። የቀኑን ፈረቃ በ18 ለብቻ፣ የሌሊቱን በ20 ለመላክ ተስማሙ። የታኅሣሡ ቅጽ በ22 ከቀኑ 9 ሰዓት ገባ፤ ሦስት ሰዓት አሳልፏል፣ ግን ለባንክ ደረሰ። በጥር የሌሊቱ በ21 መጣ። ፍጹም አይደለም፤ ሠራተኛው ግን ገንዘቡን በወሩ አገኘ።

ባይሠራስ? አንዳንዱ ሰው በለሰለሰ ቃል አይነካም። ያን ጊዜ ሁለተኛ ወረቀት ከመጻፍ በፊት ሄዳችሁ በአካል አነጋግሩት፤ የተስማማችሁበትን ቀን ደግሞ በዚያው ዕለት በአጭሩ ጽፋችሁ ስጡት። ከዚያም ካለፈ ለአለቃ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ግልባጭ ቦታው እዚህ ላይ ነው። ሲጻፍም ከባልደረባችሁ ጀርባ ሳይሆን «ለኃላፊያችን ላሳውቅ ነው» ብላችሁ ነግራችሁት ይሁን። በእጃችሁ ያለው የቀናት ዝርዝር ነው፤ አለቃ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ከስድብ ይልቅ እሱ ይናገራል።