ስም ያልተጻፈበት መጠይቅ ማንን ይደብቃል?

አንዲት ተመራቂ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ በግቢው ውስጥ ስላለው የጫት አጠቃቀም መጠይቅ አዘጋጀች እንበል። ከላይ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» ብላ፣ ከታች ፆታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍልና የመጡበትን ዞን ትጠይቃለች። ከአንድ ክፍል 40 ተማሪዎች ሴቶቹ ሦስት ብቻ ቢሆኑ፣ ከሦስቱም አንዷ ብቻ ከጅማ ብትመጣ፣ አብሯት የሚማር ሁሉ መልሱ የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ጫት በግቢ ውስጥ ክልክል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከሐሜት አልፎ ቅጣት ሊያመጣባት ይችላል።

ይህ ስሕተት የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የአንድ ዓመት ገቢ ተማሪዎችን የፌስቡክ መረጃ ስምና የዩኒቨርሲቲውን ማንነት አውጥተው ለሌሎች አጥኚዎች ለቀቁ። ማይክል ዚመር የተባለ ምሁር መረጃውን ራሱን ሳይከፍት፣ ከአብሮት መግለጫው ላይ ከተዘረዘሩት የትምህርት ዘርፎችና በይፋ ከተነገሩ ጥቃቅን ፍንጮች ተነስቶ ዩኒቨርሲቲው ሃርቫርድ መሆኑን ደረሰበት። ከአንዳንድ አገሮች የመጣው ተማሪ አንድ ብቻ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ ከታወቀ በኋላ ግለሰቡን መለየት አያዳግትም። ተማሪዎቹም ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም ነበር።

የእኛዋ ተማሪ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ዞኑን ትተው፣ ዕድሜውን በክልል ትጠይቅ፣ ሪፖርቷም ላይ ከአምስት ሰው በታች የሆነን ቡድን ለብቻው አታሳይ።

ፈቃዱም የራሱ ወጥመድ አለው። መጠይቁን መምህሩ በክፍል ሰዓት አድሎ ፊት ለፊት ከቆመ «አልሞላም» የሚል ተማሪ ብዙ አይገኝም፤ ውጤቱ በእጁ ነውና። መምህሩ ቢወጣ፣ ያልሞላውም ባዶውን ወረቀት እንደሌላው አጥፎ ሳጥን ውስጥ ቢከት ይሻላል። ፊርማ ማስፈረምም ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይደለም። ስም በሌለው ጥናት ውስጥ መላሹን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ሰነድ የፈቃድ ቅጹ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሥነ ምግባር ኮሚቴ መግለጫው ተነብቦ በቃል እንዲፈቀድ ሊያደርግ ይችላል። በመግለጫው ላይ ግን አንድ ነገር አይረሳ፦ ስም የሌለው ወረቀት አንዴ ሳጥን ከገባ ባለቤቱ ልመልሰው ቢል ተለይቶ አይገኝም።

ጉዳትና ጥቅምን መመዘን ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ጥናቱ በጥቅሉ ይወራል። እኔ ግን ሚዛኑ በየጥያቄው ቢቀመጥ እመርጣለሁ። «ጫቱን የሚያመጣልህ ማን ነው?» የሚለው መልስ በጽሑፉ የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ይገባል? የትም ካልገባ፣ ለጥናቱ የሚጨምረው የለም፤ ወረቀቱ ከሌላ እጅ ከገባ ግን ሰው ያስከስሳል። አማካሪው ይህን ጥያቄ በእስክሪብቶ መሰረዝ ያለበት መጠይቁ ከመባዛቱ በፊት ነው።