ቤት ከማየት በፊት የሚሞላው ቅጽ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤት ፈላጊ ኤጀንት ዘንድ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ቤት ማየት ሳይሆን ቅጽ መሙላት ነው። አንድ ባልና ሚስት በበጀት መስመሩ ላይ «እስከ 450 ሺህ ዶላር» ብለው ጻፉ እንበል። ጎበዝ ኤጀንት እዚህ ላይ አያቆምም፤ በየወሩ ሳይጨነቁ መክፈል የሚችሉትን ይጠይቃል። ኮንዶሚኒየሙ በወር 400 ዶላር የጋራ መዋጮ ካለው፣ ያው ገንዘብ በ6.5 በመቶ ወለድ የ30 ዓመት ብድር ቢሆን 63 ሺህ ዶላር ያህል ይሸፍን ነበር።

የሥራ መንገድም በማይል አይለካም። ባልየው ሌሊት ኤርፖርት ስለሚሠራ መንገዱ ባዶ ነው። ሚስትየው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዲሲ ሆስፒታል መግባት አለባት። ስለዚህ ፍለጋው የሚጠበበው በእሷ ሰዓት ነው።

ትምህርት ቤት ላይ ግን ኤጀንቱ ቁጥብ ይሆናል። «ጥሩው ሰፈር የቱ ነው?» ቢሉት በቀጥታ ላይመልስ ይችላል፤ ነገሩ ንቀት አይደለም። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ገዢን በዘር ወደ አንድ ሰፈር መግፋትን ይከለክላል። የቤቱን አድራሻ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ አስገብቶ ማጣራት የገዢው ፈንታ ነው፤ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል አድራሻ ያላቸው ሁለት ቤቶች ልጆቻቸውን ወደተለያየ ትምህርት ቤት ሊልኩ ይችላሉ።

ሕጉ ከ1988 ወዲህ ልጅ ያላቸውንም ስለሚጠብቅ፣ ጠንቃቃ ኤጀንት ከልጅ ብዛት ይልቅ ስንት መኝታ ቤት እንደሚፈለግ ይጠይቃል። ባልና ሚስቱ «ሦስት» አሉ። ከአዲስ አበባ መጥተው ስድስት ወር የሚቆዩትን፣ ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸውን እናት ግን አልጻፏቸውም።