በዘርፍ የተከፋፈለ ክፍያ ድምር ከጠቅላላው ክፍያ ለምን ይበልጣል?

መንግሥታዊ ተቋማት የሚያወጧቸውን የክፍያ መረጃዎች የሚመለከቱ ተገልጋዮች አንዳንድ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ልዩነት ይገጥማቸዋል። በየንግድ ዘርፉ የተዘረዘረው ክፍያ ሲደመር 4,800 ብር ይሆናል፤ በገጹ ግርጌ የተጻፈው ጠቅላላ ክፍያ ግን 2,800 ብር ነው። ይህን የሚያይ ሰው 2,000 ብር የት ገባ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም የጎደለ ገንዘብ ሳይኖርም እንዲህ ያለ ልዩነት ሊፈጠር ይችላል። ምክንያቱም በሠንጠረዦቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንደኛው ሠንጠረዥ ክፍያዎችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ረድፍም አንድ ደረሰኝ ነው። ሦስት ድርጅቶች ከፍለዋል እንበል፦ «ሀ» 1,200 ብር፣ «ለ» 800 ብር፣ «ሐ» 800 ብር። ድምሩ 2,800 ብር ነው። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ድርጅቶቹ የተሰማሩባቸውን ዘርፎች ይዘረዝራል። «ሀ» በችርቻሮና በጥገና፣ «ለ» በችርቻሮ ብቻ፣ «ሐ» ደግሞ በችርቻሮና በትራንስፖርት ተሰማርተዋል። አንድ ድርጅት ብዙ ደረሰኝ ሊኖረው፣ በብዙ ዘርፍም ሊመዘገብ ስለሚችል በሁለቱ ሠንጠረዦች መካከል ያለው ግንኙነት «ብዙ ለብዙ» ይባላል።

ሁለቱ ሠንጠረዦች በድርጅት መለያ ቁጥር ሲጣመሩ የ«ሀ» ደረሰኝ ከሁለት ዘርፎች ጋር ስለሚገናኝ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ የ«ሐ»ም እንዲሁ። ሦስቱ ደረሰኞች አምስት ረድፍ ይሆናሉ። ስህተቱ የሚፈጸመው እነዚህ አምስት ረድፎች በቀጥታ ሲደመሩ ነው፦

```
SELECT SUM(p.amount)
FROM payment p
JOIN org_sector s ON s.org_id = p.org_id;
```

ይህ ትእዛዝ 4,800 ብር የሚል መልስ ይሰጣል። ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት ስለማያሳይ ቁጥሩ ሳይመረመር ወደ ሪፖርት ሊገባ ይችላል።

በአንጻሩ በየዘርፉ የሚታየው ቁጥር ብቻውን ሲነበብ ትክክል ነው። ችርቻሮ 2,800፣ ጥገና 1,200፣ ትራንስፖርት 800 ብር ያሳያል። ችርቻሮ 2,800 ነው ማለት በችርቻሮ የተመዘገቡ ድርጅቶች በጠቅላላ ይህን ያህል ከፍለዋል ማለት ነው እንጂ፣ ገንዘቡ በሙሉ ከችርቻሮ ሥራ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይደለም። በመሆኑም የዘርፎቹን ቁጥሮች እርስ በርስ መደመር አይቻልም። ግርጌ ላይ ያለው ጠቅላላ ድምር 2,800 ከሆነ ሠንጠረዡ በትክክል ተሠርቷል፤ 4,800 ከሆነ ግን ተመሳሳይ ደረሰኝ ተደጋግሞ ተደምሯል።

ስህተቱን ለመለየት ሁለት ማጣሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ከማጣመር በፊትና በኋላ ያለውን የረድፍ ብዛት ማነጻጸር ነው፤ ሦስት ረድፍ አምስት ከሆነ ድግግሞሽ አለ። ሁለተኛው የክፍያ ሠንጠረዡን ብቻውን ደምሮ ውጤቱን ከሪፖርቱ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለቱን አብሮ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ዘርፉ ያልተመዘገበ ድርጅት ካለ ክፍያው በማጣመሩ ወቅት ይወድቃል፤ የወደቀው ክፍያ የተደጋገመውን ሲያካክስ ድምሩ ብቻ ትክክል መስሎ ሊታይ ይችላል።

ብዙዎች ለማረም ወደ `SUM(DISTINCT amount)` ይሄዳሉ። ይህ ግን ሌላ ስህተት ይፈጥራል። የ«ለ» እና የ«ሐ» ክፍያዎች እኩል 800 ብር ስለሆኑ ትእዛዙ እንደ አንድ ቆጥሯቸው 2,000 ብር ይመልሳል። ትክክለኛው አካሄድ የዘርፉን ሠንጠረዥ ደረሰኞችን ለመምረጥ ብቻ መጠቀም ነው። በችርቻሮ ወይም በጥገና የተሰማሩ ድርጅቶች የከፈሉት ሲፈለግ እንዲህ ይጻፋል፦

```
SELECT SUM(p.amount)
FROM payment p
WHERE EXISTS (
  SELECT 1 FROM org_sector s
  WHERE s.org_id = p.org_id
    AND s.sector IN ('ችርቻሮ', 'ጥገና'));
```

እዚህ እያንዳንዱ ደረሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቆጠር መልሱ 2,800 ብር ይሆናል።

የዘርፎቹ ድምር የግድ ከጠቅላላው ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ ክፍያውን የማከፋፈያ ደንብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ክፍያ ለድርጅቱ ዘርፎች እኩል ቢካፈል ችርቻሮ 1,800፣ ጥገና 600፣ ትራንስፖርት 400 ብር ይደርሳቸዋል፤ ድምሩም 2,800 ይሆናል። ይሁን እንጂ እኩል ማካፈል የተመረጠ ስሌት እንጂ ከደረሰኙ የተገኘ መረጃ ባለመሆኑ ደንቡ ከሠንጠረዡ ሥር መገለጽ አለበት።

ስለዚህ ልዩነት ያገኘ ተገልጋይ ማብራሪያ ሲጠይቅ «አንድ ድርጅት ከአንድ በላይ ዘርፍ ሥር ተቆጥሯል ወይ? ጠቅላላው ድምርስ የተሰላው ከደረሰኞቹ ነው ወይስ ከዘርፎቹ?» ብሎ ቢያቀርብ የቁጥሩን ምንጭ በቀጥታ ለማወቅ ይችላል።