ኦርቶሞዛይክ

ኦርቶሞዛይክ እርስ በርስ ከሚደራረቡ ብዙ የድሮን ፎቶዎች የሚሠራ፣ እንደ ካርታ ርቀት የሚለካበት አንድ ትልቅ ምስል ነው። በተራ የአየር ፎቶ ላይ ለካሜራው የቀረበው ነገር ገዝፎ፣ የራቀው አንሶ ይታያል፤ ገደልና ግድግዳም ወደ ጎን ያዘነበሉ ይመስላሉ። በኦርቶሞዛይክ ግን እያንዳንዱ ነጥብ በቀጥታ ከላይ እንደታየ ሆኖ በቦታው ይቀመጣል።

ሥራው በሜዳ ላይ ቀላል ነው። እንደ አሸተን ማርያም ባለ ቦታ ግን ይከብዳል። ገዳሙ ከላሊበላ ከተማ በላይ በተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ዙሪያው ገደል ነው። ከዚህ በታች ያሉት የበረራና የስህተት ቁጥሮች ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት የተሰሉ ምሳሌዎች እንጂ በቦታው የተለኩ አይደሉም።

## መደራረብና ከፍታ

እንደ OpenDroneMap ያለ ሶፍትዌር በተለያዩ ፎቶዎች ላይ የሚታየውን አንድ ነጥብ እየፈለገ ያዛምዳል። ከዚያም እያንዳንዱ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው የት እንደነበረ ያሰላል፤ የመሬቱን ቅርጽ ያወጣል፤ በመጨረሻም ፎቶዎቹን በዚያ ቅርጽ ላይ ያለብሳቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የመሬት ነጥብ በብዙ ፎቶዎች ላይ መታየት አለበት። ብዙውን ጊዜ በበረራው አቅጣጫ 80%፣ በጎን ደግሞ 70% መደራረብ ይመረጣል።

አንድ ድሮን ከገዳሙ ደልዳላ ቦታ ተነስቶ በ100 ሜትር ከፍታ ይብረር እንበል። አንዱ ፎቶ 150 በ100 ሜትር መሬት ከሸፈነ፣ 80% እንዲደራረብ በየ20 ሜትሩ ፎቶ ይነሳል። አጠገቡ 60 ሜትር ከፍ ያለ ዐለት ካለ ግን ድሮኑ ከዐለቱ አናት 40 ሜትር ብቻ ይርቃል። እዚያ ፎቶው የሚሸፍነው 60 በ40 ሜትር ስለሆነ መደራረቡ ወደ 50% ይወርዳል፤ በጎን በኩል ደግሞ 25% ብቻ ይቀራል። በውጤቱ ላይ ይህ እንደ ቀዳዳ ወይም እንደ ተቀዳደደ ጠርዝ ይታያል። መፍትሔው ድሮኑ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ እንዲበር ማድረግ ነው።

## የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥቦች

የድሮኑ ተራ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከበረራው በፊት ከላይ በግልጽ የሚታዩ ምልክቶች መሬት ላይ ይነጠፋሉ፤ ቦታቸውም በሴንቲሜትር ደረጃ በሚለካ የሳተላይት መቀበያ ይመዘገባል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ምልክት በየፎቶው ላይ የት እንዳለ ለሶፍትዌሩ ይነገረዋል፦

```
EPSG:32637
507100.25 1330050.40 3148.10 2736 1812 DJI_0141.JPG n1
```

የመጀመሪያው መስመር አካባቢው የሚገኝበትን የካርታ ዞን ያመለክታል። ሁለተኛው የምልክቱን ምሥራቅ፣ ሰሜንና ከፍታ፣ ከዚያም በፎቶው ላይ ያለበትን ፒክስል ይሰጣል። እዚህ ላይ የድሮ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን የተባለውን መነሻ እንደሚጠቀሙ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከድሮ ካርታ የተወሰደ ነጥብ ሳይቀየር ከገባ ምስሉ ከ200 ሜትር በላይ ይዛወራል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ በሜትር ገመድ የተለካ 1 ኪሎ ሜትር በካርታው ላይ 90 ሴንቲሜትር ያህል አጥሮ ይገኛል። ግማሽ ያህሉ ከካርታው አሠራር፣ ግማሹ ከቦታው ከፍታ የሚመጣ ስለሆነ የሥራው ስህተት ተደርጎ አይቆጠርም።

## ትክክለኛነትን መፈተሽ

ሶፍትዌሩ ምስሉን በመቆጣጠሪያ ነጥቦቹ ላይ ስለሚያስተካክል በእነሱ ላይ ትንሽ ስህተት ማሳየቱ ብዙም አያስገርምም። ፈተናው የሚሆነው ተለክተው ለሶፍትዌሩ ሳይሰጡ በሚቀመጡ መፈተሻ ነጥቦች ላይ ነው።

ሁሉም መቆጣጠሪያ ነጥቦች በደልዳላው ግቢ ላይ ተነጥፈው ሪፖርቱ 2 ሴንቲሜትር ስህተት አሳየ እንበል። አራት መፈተሻ ነጥቦች ሲታዩ፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁለቱ የከፍታ ስህተታቸው 3 እና 4 ሴንቲሜትር፣ ከገደሉ በታች ያሉት ሁለቱ ግን 28 እና 35 ሴንቲሜትር ሆነ። እያንዳንዱ ስህተት በራሱ ተባዝቶ፣ አማካዩ ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ይሁንና ከዚህ አንድ ቁጥር ይልቅ ስህተቱ የት እንደተከማቸ ማየት ይበልጣል። እዚህ የጎደለው በገደሉ ግርጌ መቆጣጠሪያ ነጥብ ነው። የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ በዚህ ምስል ቢነደፍ 30 ሴንቲሜትር ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ሊቀይር ይችላል።

## የማይታየው

ኦርቶሞዛይክ ከላይ ብቻ ስለሚያይ ቀጥ ያለ ግድግዳ በላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። አሸተን ማርያም ከዐለት የተፈለፈለ ስለሆነ ውስጡ ፈጽሞ አይታይም። በላሊበላ ከተማም እንደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያ ስለተሠራ ድሮን የሚያነሳው የመጠለያውን ጣሪያ ነው። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲመዘግብ መሬት ላይ በሚቆም የሌዘር መለኪያ ተጠቅሟል።