ከአሥር እርምጃ የሚጠራ ባነርና ጠረጴዛ

በንግድ ትርኢት ላይ ጠረጴዛ የያዘ ሁሉ ዕቃውን አሳምሮ ይደረድርና ሰው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሰው ግን ለመጠጋት ወይም ለማለፍ የሚወስነው ገና መተላለፊያው ላይ ሳለ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ነው። አሥር እርምጃ 7 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዝግታ ለሚራመድ ሰው ቢበዛ ሰባት ስምንት ሴኮንድ ነው፤ በዚያችም ጊዜ ዓይኑ የጎረቤትን ጠረጴዛ ጭምር ያያል። ታዲያ ከ7 ሜትር ላይ ምን ይነበባል?

እስቲ አንድ ምሳሌ ወስደን እንሥራው። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ ሠልጣኞቹ የሠሯቸውን ሉሎች ለትምህርት ቤቶች ለመሸጥ ጠረጴዛ ያዘ እንበል። ለባነር የሚሆን 3 ሜትር አቡጀዲ አለን። ግራና ቀኙን 20፣ 20 ሳንቲሜትር ስንተው ለጽሑፍ 260 ሳንቲሜትር ይቀረናል።

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማምረቻና ማሳያ ክፍል»። ፊደሉ 40 ነው፤ በቃላቱ መካከል ያሉት 8 ክፍት ቦታዎች ሲጨመሩ 48 ይሆናል። 260ን ለ48 ስናካፍል አንድ ፊደል ከነክፍተቱ 5 ሳንቲሜትር ተኩል እንኳ አይደርሰውም። ቆሞ ዓይኑን ያጠበበ ሰው ያነበው ይሆናል፤ የሚራመድ ግን ጥሎት ያልፋል። ቢያነበውስ ምን ያገኛል? የማን ጠረጴዛ እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚሸጥ አይነግረውም።

አሁን «ከካርቶን የተሠራ ሉል» ብለን እንጻፍ። ፊደሉ 11፣ ክፍት ቦታው 2፣ በድምሩ 13 ነው። ለእያንዳንዱ 20 ሳንቲሜትር ይደርሰዋል፤ 16ቱን ለፊደሉ፣ 4ቱን ለክፍተቱ እናደርጋለን። የተቋሙ ስም ከሥር በትንሹ ይጻፍ፤ እሱን የሚያነበው ቀርቦ የቆመው ሰው ነው።

ይህን ያህል ትልቅ ፊደል ለምን አስፈለገ? የኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንሿ ምልክት ላይ ስለሆነ ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በእግራቸው ላይ ባለች ጭረት ወይም ቀለበት ነው። ያቺ ጭረት ከጠፋች «ሉል» የሚለው «ለል» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ መጠኑን የምንለካው በፊደሉ ቁመት ሳይሆን በምልክቱ ነው። ብሩሹም ቢሆን መጠን አለው። የመስመሩ ውፍረት ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ ገደማ፣ በኛ ምሳሌ 2 ሳንቲሜትር ተኩል ቢሆን ደህና ነው። ከዚያ ከወፈረ የሌ ቀለበት በቀለም ይደፈናል፤ የመ ሁለት ዓይኖችም ይጠፋሉ።

ቀለሙ ሲመረጥ የሚታየው የጨለማና የብርሃን ልዩነት ነው። በነጭ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይነበባል። በአረንጓዴ ላይ ቀይ ከቅርብ ያምራል፤ የሁለቱ ድምቀት ከተቀራረበ ግን ከሩቅ ይዋሐዳል። ለማወቅ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሥቶ ማየት ነው። ጀርባው ፀሐይ ወይም መስኮት ከሆነ ደግሞ ስሱ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፍና ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ አቡጀዲውን መደረብ ወይም ቦታውን መቀየር ነው። የባነሩ የታች ጠርዝ ከ2 ሜትር በላይ ይሁን። በጠረጴዛው ፊት የተንጠለጠለ ጽሑፍን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎብኚዎች በእግራቸው ይሸፍኑታል።

ባነሩ የጠራውን ሰው ጠረጴዛው መልስ ሊሰጠው ይገባል። «ሉል» ብለን ስናበቃ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ዓይነት ዕቃ ቢዘረጋ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ለማሳያ ብቻ በሽቦ አጽም ላይ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አንድ ሉል ይሠራ። ጠረጴዛው 75 ሳንቲሜትር ከፍታ ካለው፣ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን ጨርቅ አልብሰን ከኋላ በኩል እናቁምና ሉሉን በላዩ እናኑር። መሐሉ 150 ሳንቲሜትር ላይ፣ ማለትም ዓይን ከፍታ አጠገብ ይውላል። የሚሸጡት ትንንሾቹ ከፊት ይቀመጡ፤ አንዱ በግማሽ የተሠራ፣ ካርቶኑና ሙጫው የሚታይ ይሁን። ሰው እሱን አንሥቶ ማገላበጡ አይቀርም። የጠረጴዛው ሲሶ ባዶ ይቅር። ሻጩም ከኋላ ተቀምጦ ሉሉን ከሚከልል ከጎን ቢቆም ይሻላል።

ከትርኢቱ በፊት ሁሉንም በግቢ ውስጥ ሰቅሎና ደርድሮ መፈተን ያስፈልጋል። ጽሑፉን አይቶ የማያውቅ ሰው 7 ሜትር ርቆ፣ ሳይቆም ይለፍና «ምን ይሸጣል?» ተብሎ ይጠየቅ። «ሉል» ካለ ባነሩ ሥራውን ሠርቷል። «የትምህርት ነገር መሰለኝ» ካለ ግን ፊደል ከማስጌጥ በፊት ቃል መቀነስ ነው።