የዛሬው መርፌ የት ይወጋል?

ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው በመጀመሪያ የሚፈራው መርፌውን ነው። ፍርሃቱ ብዙ አይቆይም፤ መርፌው ቀጭንና አጭር ስለሆነ ቶሎ ይለመዳል። የሚያስቸግረው ከተለመደ በኋላ ያለው ነው። ሰው የማያመውን ቦታ ያገኝና ጠዋትም ማታም እዚያው ላይ ይወጋል። ኢንሱሊን ደግሞ ስብ የማሳደግ ጠባይ አለው። በአንድ ቦታ ሲደጋገም በወራት ውስጥ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ያብጣል፣ ይጠጥራል። ያበጠ ቦታ ሲወጋ ብዙም ስለማያም በሽተኛው ይብስ ይወደዋል።

እብጠቱ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚሄድበት ሰዓትና መጠን አይታወቅም። ለምሳሌ ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ኤንፒኤች የታዘዘላቸውን አንዲት እናት እናስብ። ሁልጊዜ የሚወጉት ከእምብርታቸው በስተቀኝ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ምግባቸውን ሳይለውጡ ከእራት በፊት የሚለካው ስኳራቸው አንድ ቀን 240፣ በማግስቱ 90 ይሆናል። ሐኪሙ ሆዳቸውን ሳይዳስስ የጠዋቱን መጠን ወደ 28 ከፍ ያደርገዋል። አንድ ቀን ልጃቸው «እማዬ፣ ዛሬስ ጭንሽ ላይ ልውጋሽ» ትላለች። ያ ሁሉ ኢንሱሊን ጤነኛ ስብ ውስጥ ገብቶ በሚገባ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ እናትየው በላብ ይጠመቃሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። ልጅቱ ቦታ መቀየሯ ትክክል ነበር፤ የጎደለው መጠኑን አብሮ መቀነስ ነው። ስለዚህ እብጠት ካገኙ እዚያ ላይ መውጋትዎን ያቁሙ፣ ግን በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩና አዲሱን መጠን ይቀበሉ፤ ስኳርዎንም ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ስኳር ወርዶ ቢያልብዎት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

እብጠቱ ከዓይን ይልቅ በጣት ይገኛል። በወር አንድ ጊዜ ጣትዎን በሳሙና አርጥበው የሚወጉበትን አካባቢ ሁሉ ቀስ እያሉ ይዳስሱ። ጤነኛ ቆዳ በሁለት ጣት ሲይዙት በቀላሉ ይታጠፋል፤ ያበጠው ወፍሮ እምቢ ይላል። ካልተወጋ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

እንዳያብጥ የሚከላከለው ቦታ መቀያየር ነው፤ ይህም እንደመጣልኝ ሳይሆን በተራ መሆን አለበት። ኢንሱሊን ከሆድ ፈጥኖ፣ ከጭንና ከመቀመጫ ዘግይቶ ወደ ደም ይገባል። ጠዋት አንዴ ሆድ፣ አንዴ ጭን ከሆነ ስኳሩም አብሮ ይዋዥቃል። እንደ እኒያ እናት ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው ጠዋትን ለሆድ፣ ማታን ለጭን ይስጥ። ሆድን በእምብርት በኩል በሐሳብ አራት ቦታ ይክፈሉት፤ እምብርቱን ሁለት ጣት ያህል ይራቁ። አንዱን ሩብ ለአንድ ሳምንት ይጠቀሙበት፣ በየቀኑ ከትናንቱ አንድ ጣት ያህል ይራቁ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ሩብ ይለፉ። ወደ መጀመሪያው ሩብ የሚመለሱት ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። በጭን ደግሞ አንድ ሳምንት ቀኙ፣ አንድ ሳምንት ግራው፤ የላይኛው የውጭ ጎን ብቻ ነው የሚወጋው።

አወጋጉ ይህን ይመስላል። እጅዎን ይታጠቡ። ኤንፒኤች ሲቀመጥ ይዘቅጣልና ብልቃጡን በመዳፍዎ መሀል አሥር ጊዜ ያንከባልሉት፣ አሥር ጊዜ ይገልብጡት፤ አይናጥም። አንድ ዓይነት ነጭ ካልሆነ፣ ከጓጎለ ወይም ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ አይወጋም። የታዘዘልዎ 20 ዩኒት ከሆነ 20 ዩኒት አየር ወደ ብልቃጡ ይግፉ፣ ይገልብጡት፣ 20 ዩኒት ይቅዱ፣ አረፋውን ያስወጡ። ሲሪንጅዎን ልብ ይበሉ፦ በባለ 1 ሚሊ ሊትሩ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 2 ዩኒት ናት፣ በግማሽ ሚሊ ሊትሩ ግን 1። መስመር የሚቆጥር ይሳሳታል፤ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ።

ቆዳዎን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርገው ያንሡና መርፌውን ቀጥ አድርገው ያስገቡ። ቀጭን ሰው ከሆኑ ጋደም አድርገው ይውጉት፤ አለበለዚያ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ከሚጠበቀው በላይ ይፈጥናል። በቀስታ ገፍተው ከጨረሱ በኋላ እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ መርፌውን ይንቀሉ፣ ከዚያ ቆዳውን ይልቀቁ። አይሹት።

መርፌ በየጊዜው አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ጫፉ የዶለዶመ መርፌ ቆዳ ይጎዳል፣ እብጠቱንም ያፋጥናል። ከሰው ጋር መጋራትማ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የተጠቀሙበትን ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያጠራቅሙ።

በቀጠሮዎ ቀን ስኳርዎ ከፍ ዝቅ እያለ መጠን ሊጨመርልዎ ሲል፣ በቅድሚያ ልብስዎን ገለጥ አድርገው «ዶክተር፣ የምወጋበትን ይዳስሱልኝ» ይበሉ።